የልደቱ ኬክ ከፍሪጅ ከወጣ ስንት ሰዓት ሆነው?



ሰሞኑን አንዲት እናት ስልክ ደውለው፣ «እኔ የምጠይቅሽ ቀላል ነገር ነው፤ ቅዳሜ የልጅ ልጄ ልደት ነው። ክሬም ያለበት ኬክ አዝዘናል። ከእንግዳ የተረፈውን ማታ ፍሪጅ ካስገባሁት ለእሑድ ይሆናል አይደል?» አሉኝ። እኔም መልሼ፣ «እማማ፣ ኬኩ ማታ ፍሪጅ ከመግባቱ በፊት ስንት ሰዓት ውጭ ይውላል?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እሱንስ ማን ይቆጥረዋል?» አሉኝ።

የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ልደት፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ መልስ፣ በየቤታችን የክሬም ኬክ የማይቆረስበት ድግስ ጥቂት ነው። ድስቱን እናሞቃለን፣ ወተቱን እናፈላለን፣ ጥሬ ሥጋውን እንጠነቀቃለን። ኬኩን ግን ጣፋጭ ስለሆነ ብቻ እንደ ዳቦ እንቆጥረዋለን።

መልሱን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ክሬም ያለበት ኬክ ከፍሪጅ ከወጣ በኋላ በጠቅላላው ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ከተመለሰ ለነገ ይሆናል። ከ2 ሰዓት አልፎ 4 ሰዓት ካልሞላው፣ ጤነኛ የሆነ ትልቅ ሰው እዚያው ሊበላው ይችላል እንጂ ተመልሶ ፍሪጅ ገብቶ ለነገ አይቀመጥም። 4 ሰዓት ካለፈው ይጣላል። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሸመገሉ ሰዎችና የስኳር ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ላለባቸው ግን መቁረጫው 2 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ 2 ሰዓትና 4 ሰዓት የምለው የቆይታውን ርዝመት ነው፤ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ስጠቅስ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» ብዬ እለየዋለሁ።

ይህ ልክ የመጣው ከእኔ አይደለም። በአሜሪካ ለየቤቱ የሚሰጠው ምክር 2 ሰዓት ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ወደ 1 ሰዓት ይወርዳል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የሚሠሩበት ደግሞ የ2 እና የ4 ሰዓት ደንብ ነው። እኔ ሁለቱን አጣምሬ ነው የነገርኳችሁ። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ሰመራ ያላችሁ፣ በበጋው ቀትር 1 ሰዓቷን ያዙ።

አሁን ምክንያቱን ባንድ ቤት ታሪክ ላሳያችሁ።

ቅዳሜ የተቆረሰው፣ እሑድ የተበላው

በሥራ ላይ ሳለሁ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ አባት ሁለት ልጆችና አንዲት እናት ይዞ እኔ ወዳለሁበት ጤና ጣቢያ መጣ። ልጆቹ የ5 እና የ8 ዓመት ናቸው፤ እናቲቱ ደግሞ አያታቸው። ሦስቱም በአንድ ሰዓት ልዩነት ውስጥ ነው ማስመለስ የጀመራቸው። ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፤ ትኩሳት የላቸውም። አያትየው ሲነሡ ያዞራቸዋል። አባትየው፣ «ትናንት ልደት ነበር፤ ሰው ሁሉ ልጆቹን ሲያያቸው ዋለ፤ እናቴ ዓይን ነው ትላለች» አለኝ።

እኔ ዓይኑን ትቼ ምግቡን ጠየቅሁ። በምግብ መመረዝ ጊዜ ዋናው ጥያቄ «ምን በላችሁ?» ብቻ አይደለም። «እነዚህ የታመሙት በልተው ሌሎቹ ያልበሉት ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ዶሮውን ቅዳሜ ሁሉም በልቷል፤ ማንም አልታመመም። አባትና እናት እሑድ ጠዋት ሻይ ብቻ ጠጥተው ወጥተዋል። ሁለቱ ልጆችና አያታቸው ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ከትናንቱ የተረፈውን ኬክ ከፍሪጅ አውጥተው ቁርስ አድርገውታል። ማስመለሱ የጀመረው ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ነው።

«ግን እኮ ኬኩ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያደረው!» አለ አባትየው። «ትናንት ደግሞ ሰላሳ ሰው በልቶታል።»

ሁለቱም እውነት ነው። ስለዚህ የኬኩን ቀን ከመጀመሪያው ጀምረን አብረን ቆጠርነው።

ኬኩን ከኬክ ቤቱ ማቀዝቀዣ የተረከበው ቅዳሜ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነው። መንገድ ላይ ለስላሳ ለመጫን ቆመ፤ መኪናውም ፀሐይ ላይ ነበር። ቤት ሲደርስ 7 ሰዓት ሆኗል። ፍሪጁ በቢራና በለስላሳ ጢም ብሎ ስለሞላ ኬኩ ቡፌው ላይ ተቀመጠ። ጥሪው ለ8 ሰዓት ነበር፤ እንደለመድነው እንግዳው 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ተሰበሰበ። ሻማው በርቶ ኬኩ የተቆረሰው 10 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ኬክ ይቆረስለት» እየተባለ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ጠረጴዛው ላይ ቆየ። ሰው ሲበተን ነው ቢራው ተጠጥቶ ያለቀበት ፍሪጅ ቦታ የተገኘው፤ ኬኩም ገባ።

እንቁጠረው። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት 7 ሰዓት ነው። አባትየው ግን ሲያስበው «ከተቆረሰ ጀምሮ ሦስት ሰዓት» ብሎ ነበር የያዘው። የብዙ ቤት ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ቢላዋው ኬኩን ሲነካ አይደለም፤ ኬኩ ከቀዝቃዛው ቦታ በወጣበት ደቂቃ ነው። መንገዱም፣ ቡፌው ላይ የቆየበትም፣ እንግዳ የተጠበቀበትም ይደመራል። መሃል ላይ ለግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ቢገባና ተመልሶ ቢወጣም ቆጠራው ከዜሮ አይጀምርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል።

ክሬሙ ውስጥ ምን እየሆነ ነበር?

እነዚያን ሦስት ሰዎች ያሳመማቸው፣ ከምልክቱ እንዳየሁት፣ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ተህዋሲ የሚተፋው መርዝ ነው። ይህ ተህዋሲ ከሩቅ አይመጣም። ጤነኛ ከሆኑ ሰዎች መካከል ከአራት አንዱ ገደማ በአፍንጫው ውስጥ ይዞት ይኖራል። ቆዳችን ላይ አለ፤ በተለይ መግል በያዘ ቁስል፣ በእጅ ላይ ባለ ብጉርና በተቆረጠ ጣት ላይ ይበዛል። አፍንጫውን ነክቶ ቢላዋ የያዘ ሰው ኬኩ ላይ ያኖረዋል።

በእኛ ልማድ ደግሞ ባለልደቱ ኬኩን ቆርሶ ለአባቱ፣ ለእናቱ፣ ለአያቱ በእጁ ያጎርሳል፤ እነሱም መልሰው ያጎርሱታል። እኔም አጉርሻለሁ፣ ጎርሻለሁም፤ ይህን ደስታ ማንም እንዲተው አልመክርም። ነገር ግን ያ እጅ ተመልሶ ኬኩ ላይ ያርፋል። የተጎረሰው ቁራሽ ወዲያው ስለሚበላ ብዙ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው የተነካውና ሳይበላ የሚቆየው ነው።

ጥቂት ተህዋሲ ብቻውን አያሳምምም። ለመርባት ምግብ፣ ውኃ፣ ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋል። ክሬም ምግቡንና ውኃውን ይሰጠዋል፤ ቤታችን ሙቀቱን ይሰጠዋል፤ ጊዜውን የምንሰጠው እኛ ነን። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ብዙዎቹ ምግብ የሚያበላሹና የሚያሳምሙ ተህዋስያን ይራባሉ። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት ብለን እንዳንዘናጋ፤ በብርድ ቀን እንኳ ሰው የሞላበት ሳሎን ከ20 ዲግሪ በላይ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው፤ ይህ ለማስረዳት የወሰድኩት ምሳሌ ነው። በአንድ ግራም ክሬም ላይ 1,000 ተህዋሲ አለ እንበል፤ ሙቅ ቦታ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል። ከ2 ሰዓት በኋላ አራት ጊዜ ታጥፎ 16,000 ይሆናል። ከ4 ሰዓት በኋላ ስምንት ጊዜ ታጥፎ 256,000 ይደርሳል። ስታፊሎኮከስ ሰው የሚያሳምም ያህል መርዝ የሚያጠራቅመው በግራም 100,000 ገደማ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው መካከል ድንበሩ ይታለፋል ማለት ነው። ቤቱ ቀዝቀዝ ካለ እርባታው ይዘገያል፤ ሞቅ ካለ ይፈጥናል። እያንዳንዳችን ቤት ውስጥ ቆጥረን ልንደርስበት ስለማንችል ነው ደንቡ ከአደጋው ቀደም ብሎ የተቀመጠው።

ሰላሳው እንግዳ ለምን እንዳልታመመም ከዚሁ ይገባናል። እነሱ የበሉት ከተህዋሲው ጋር ቢሆንም ገና መርዙ ሳይጠራቀም ነው። ዕድልም ረድቷቸዋል። ስለዚህ «ትናንት ሰው በልቶት ምንም አልሆነም» የሚለው ለዛሬው ቁራሽ ዋስትና አይሆንም።

ፍሪጅ ለምን አላዳነውም?

ይህን ነጥብ አያቶች እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ፍሪጅ ተህዋሲው እንዳይራባ ያደርጋል እንጂ ቀድሞ የተፋውን መርዝ አያጠፋም። በረዶ ቤት ማስገባትም አያጠፋውም። ማሞቅም አያዋጣም፤ ተህዋሲው ራሱ በሙቀት ይሞታል፣ መርዙ ግን ግማሽ ሰዓት ቢፈላ እንኳ አይጠፋም። ከወጥ ጋር ያለን ልማድ «አፍልቼ ልስጠው» የሚል ነው፤ ይህ ለኬክ አይሠራም።

ሁለተኛው ደግሞ በማሽተትና በመቅመስ አይታወቅም። ወተት ሲበላሽ ይኮመጥጣል፤ እንጀራ ሲሻግት ይታያል። ይህ መርዝ ግን ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ቀለም አይለውጥም። የታመሙት ልጆች፣ «ኬኩ ጣፋጭ ነበር» ነው ያሉኝ። ክሬሙ ከኮመጠጠ፣ ውኃ ከለቀቀ ወይም ከቀለጠ በርግጥ ይጣል፤ ግን ይህ ካልታየ ደህና ነው ማለት አይደለም። መለኪያችሁ ምላስ ሳይሆን ሰዓት ይሁን።

ሁሉም ኬክ አንድ አይደለም

እዚህ ላይ ደግሞ ያለምክንያት እንዳታባክኑ ልዩነቱን ልንገራችሁ። ክሬም የሌለው ደረቅ ኬክ፣ ኩኪስ፣ ተራ ዶናት እንደ ዳቦ ነው፤ ተሸፍኖ ውጭ ቢያድር አያሳስብም።

ጥብቅ ጥንቃቄ የሚፈልጉት የተመታ የወተት ክሬም ያለባቸውና በወተት፣ በእንቁላልና በዱቄት ወይም በስታርች የበሰለ ክሬም የተሞሉ ናቸው። በስስ ሊጥ ንብርብር መካከል ቢጫ ክሬም የገባበት ኬክና ክሬም የተሞላ ቦምቦሊኖ የዚህ ወገን ናቸው። ትንንሽ ስለሆኑና ክሬሙ ከውስጥ ስለተደበቀ ሰው ይረሳቸዋል እንጂ ሰዓታቸው ከትልቁ ኬክ አይለይም።

በቅቤና በብዙ ስኳር የተመታ ወፍራም ክሬም ውኃው ትንሽ ስለሆነ ተህዋሲ ቶሎ አይራባበትም፤ ስለዚህ ከሌላው ይሻላል። ሆኖም ብዙዎቻችን የተገዛ ኬክ ላይ ያለው ክሬም የትኛው እንደሆነ ለይተን አናውቅም። ስታዝዙ ኬክ ቤቱን፣ «ክሬሙ ምንድን ነው? ፍሪጅ ይፈልጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላወቃችሁ የወተት ክሬም ነው ብላችሁ ያዙት።

የጾም ኬክም እንዲሁ ነው። «የጾም ስለሆነ ወተት የለውም፤ አይበላሽም» ሲባል እሰማለሁ። የአትክልት ዘይት ክሬምም ከተመታና እጅ ከነካው በኋላ ውኃ አለበት፤ ማሸጊያው ላይ ካልተከፈተ ውጭ ይቆያል የሚል ቢኖርም እሱ ለተዘጋው ነው። ለኬኩ ያንኑ 2 ሰዓት ያዙለት።

ክሬሙን ቤት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ጥሬ እንቁላል አትምቱበት። በጥሬ እንቁላል የሚመጣው ሳልሞኔላ ሌላ በሽታ ነው፤ ትኩሳትና ተቅማጥ ይዞ ከ6 ሰዓት እስከ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ይጀምራል። ይህኛው በሰዓት ቁጥጥር ብቻ አይታለፍም።

ታዲያ በልደቱ ቀን እንዴት እናድርግ?

ያችን ስልክ የደወሉልኝን እናት ቅዳሜያቸውን እንዲህ አብረን አደላደልነው።

መጀመሪያ ፍሪጁ። ለስላሳና ቢራ ውጭ ቢቆዩ አይበላሹም፤ ኬኩ ግን ይበላሻል። ስለዚህ ጠርሙሶቹ ወጥተው ትልቅ ገንዳ ውኃ ውስጥ፣ በረዶ ከተገኘም በበረዶ ይቀዝቅዙ፤ ፍሪጁ ለኬኩ ይለቀቅ። ከዋዜማው ጀምሮ የኬኩን ሣጥን ስፋት ለክታችሁ ቦታውን ክፈቱ።

ሁለተኛው መረከቡ። ኬኩን ሌላውን ጉዳይ ከጨረሳችሁ በኋላ በመጨረሻ ተረከቡት፤ ከዚያም በቀጥታ ወደ ቤት። የተረከባችሁበትን ሰዓት በእስክሪብቶ ሣጥኑ ላይ ጻፉ። እማማን «ማን ይቆጥረዋል?» ላሉኝ የሰጠኋቸው መልስ ይህ ነው፤ ሣጥኑ ራሱ ይቆጥርልናል።

ሦስተኛው መቁረሱ። እንግዳው እስኪሞላ ኬኩ ፍሪጅ ይቆይ። ልጆቹ ፎቶ መነሣት ከፈለጉ ሻማው ሲዘጋጅ ይውጣ። የሚቆርሰው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጣቱ ላይ ቁስል ወይም ፋሻ ያለበት ሰው ግን ቢላዋውን ለሌላ ይስጥ። ከተቆረሰ በኋላ የምታከፋፍሉትን ያህል አስቀርታችሁ ቀሪውን ግማሽ ወዲያው ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ መልሱት። ዘግይቶ ለሚመጣ እንግዳ ከፍሪጅ ቢወጣለት ክብሩ አይቀንስም። ብዙ ሰው ከጠራችሁ አንድ ትልቅ ከማዘዝ ሁለት መካከለኛ ማዘዝ ይሻላል፤ ሁለተኛው ሳይነካ ይቆያል።

በዚህ አካሄድ የእማማ ቅዳሜ እንዲህ ይሆናል። መንገድ ላይ 40 ደቂቃ፣ ሻማና ፎቶ 20 ደቂቃ፣ ማከፋፈል 20 ደቂቃ፤ በድምሩ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። የተመለሰው ግማሽ ለእሑድ ደህና ነው፤ ክዳን ባለው ዕቃ በደንብ ቀዝቅዞ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። በየሰሐኑ ተነክቶ የቀረውን ግን አንሰበስበውም፤ ይጣላል።

መብራት ከጠፋ ደግሞ ፍሪጁን አትክፈቱት። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ወደ 4 ሰዓት ያህል ይይዛል። በድግስ ቀን ግን በሩ በየደቂቃው ስለሚከፈት በዚህ ቁጥር አትመኑ፤ መብራት በጠፋበት ቀን ኬኩን ቶሎ ቆርሳችሁ ብሉት።

ወደ ሌላ ቤት የሚላክም አለ። ለጎረቤት፣ መምጣት ላልቻሉ አያት፣ ለታመመ ዘመድ ቁራሽ መላክ ወጋችን ነው። ግን የምንልከው ብዙ ጊዜ ማታ፣ ድግሱ ሲያልቅ፣ ሲነካካ ከዋለው ነው። የሚደርሰውም ቤት ለነበሩት ደካሞች ነው። ስለዚህ የሚላከውን ልክ እንደተቆረሰ ለይታችሁ ፍሪጅ አስቀምጡ፤ ሲላክም «ዛሬውኑ ብሉት» ተብሎ ይነገርላቸው።

ከታመሙስ?

ከበሉ ከ30 ደቂቃ እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ድንገት ማቅለሽለሽ፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ አንዳንዴም ተቅማጥ ከመጣና ትኩሳት ከሌለ ይህን መርዝ ጠርጥሩ። አብዛኛው ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ይሻለዋል። በመርዙ ላይ ፀረ ተህዋሲ መድኃኒት አይሠራም፤ ቤት የተረፈ ክኒን አትስጡ። የሚገድለው የውኃው ማለቅ ስለሆነ የሚሰጠው ውኃና ጨው ነው።

የኦ.አር.ኤስ. ፓኬት ካለ ላዩ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ብዙውን ጊዜ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ። ከሌለ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ልሙጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ልሙጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጉ። ጨው አታብዙ። ተቅማጥ ካለ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ አንድ የቡና ስኒ ያህል፣ ከዚያ በላይ ላለው አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ስጡ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። የሚጠባ ልጅ ጡት አይከልከል።

ልጁ ከደከመና ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ለ6 ሰዓት ያህል ካልሸና፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም ትኩሳት ከመጣ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። አረጋውያን ላይ ደግሞ የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ቶሎ ይደክማሉ፤ የዚያ ቤት አያት የዞረባቸው በዚሁ ነበር። ሲነሡ ካዞራቸው አትጠብቁ፤ የሚወስዱትንም መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ። ኬኩ ከተረፈ በላስቲክ አሽጋችሁ ፍሪጅ አስቀምጡት፤ ብዙ ሰው ከታመመ ሐኪሞቹ ሊፈልጉት ይችላሉ። «አይበላም» ብላችሁ ላዩ ላይ መጻፍ ግን እንዳትረሱ።

የዚያ ቤት ልጆች ሲጠጡ አምሽተው ሰኞ ጠዋት ተሽሏቸው ነበር። አያታቸው ግን በክንዳቸው ፈሳሽ ተሰጥቷቸው ማደር አስፈለጋቸው። አባትየው ሊሄድ ሲል፣ «ኬክ ቤቱን ልክሰሰው እንዴ?» አለኝ። እኔም፣ «ኬክ ቤቱ ቀዝቃዛውን አስረክቦሃል፤ ሰባቱን ሰዓት እኮ አንተ ጋ ነው የዋለው» አልኩት። አያትየው ከአልጋቸው ሆነው፣ «ያን ሁሉ ብር የወጣበትን እንዴት ብዬ ልጣል? የእግዜር ጸጋ አይደለም ወይ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ምግብ መጣል ለኛ ትውልድ ይከብዳል። እኔም ያደግሁት ከመሶቡ ፍርፋሪ ሳይወድቅ ነው። ግን ጸጋው የሚከበረው በሰዓቱ ሲበላ ነው። ሣጥኑ ላይ የጻፋችሁት ሰዓት 4 ካለፈ፣ ልጆቹ ሳያዩ ቆሻሻ ውስጥ ጨምሩት፤ ለውሻም ለዘበኛም አትስጡ። ለራሳችን ያልፈቀድነውን ለዘበኛችን መስጠት ጽድቅ አይሆንም።

እማማ ቅዳሜ ማታ መልሰው ደውለውልኝ ነበር። «ሣጥኑ ላይ ጻፍኩ፤ ልጆቹ ሳቁብኝ። ግማሹ ግን ፍሪጅ ነው፤ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንበላዋለን» አሉኝ። «ስንት ሰዓት ውጭ ቆየ?» ስላቸው፣ «አንድ ሰዓት ተኩል» አሉ፤ ወዲያው ነው የመለሱልኝ።

ሳምንት እስክንገናኝ ሰላም ሰንብቱ።